አርባ ዓመት በሞላው ወዳጄ ላይ የጻፍኩት ክስ

መካነ ኢየሱስ ፍርድ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ድንበር የገፋውን፣ በሬ ነድቶ የሄደውን፣ ሚስቱን ያባረረውን፣ ስንቱን በዚች እጄ አስጠርቼዋለሁ። ታዲያ ከጻፍኳቸው ሁሉ ያማረው ክስ የቀልድ ክስ ነበር። ቢሆንም ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

የተከሰሰው ጓደኛዬ ነው። በአንድ የኔታ እግር ሥር ዳዊት የደገምን፣ ለምነን ያመጣነውን ቁራሽ ከአንድ አኩፋዳ የበላን ጓደኛሞች ነበርን። ኋላ እሱ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። አዲስ አበባ ለትምህርት ልከውት ሲመለስ ልደት ማክበር የሚባል ነገር ተምሮ መጣ። እኛ አገር ያኔ ማን ልደቱን ያውቃል? እሱ ግን አባቱ ቄስ ስለነበሩ የተወለደበትን ቀን በዳዊታቸው ሽፋን ላይ ጽፈውለት ኖሯል። አስተርእዮ ማርያም ዕለት አርባ ዓመቱ ሊሞላ ነው ተባለ፤ ድግስ ተደገሰ። እኔን ደግሞ «አንተ ክስ ጻፍብኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ጓደኛሞች እየተሞጋገሱ ሳይሆን እየተሰዳደቡ ሲያከብሩ አይቻለሁ፤ የኛው ደግሞ በሕግ ይሁን» አለኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን ለሳቁ ብቻ አልነበረም፤ ጉዳይ ነበረብኝ። የሚስቱ ወንድም ከአባቴ ርስት ላይ ጥሩውን የገብስ መሬት ድንበር አፍርሶ አርሶብኛል። አባቴና የዚያ ሰውዬ አባት የድንበሩን ድንጋይ ሲተክሉ ከቆሙት ሰዎች በሕይወት የቀረው ጓደኛዬ ብቻ ነው። እዚህ መካነ ኢየሱስ ስሟገት ለምስክርነት ብጠራው በሬ ልግዛ ብሎ ወገዳ ገበያ ወረደ፤ ተረታሁ። ይግባኙ ደብረ ታቦር ነው፤ ቀጠሮው የካቲት። እሱ መጥቶ «አይቻለሁ» ካለ መሬቴን አገኛለሁ። ካላለ አለቀ፤ ልጆቼ የሰው እርሻ እኩል አራሽ ሊሆኑ ነው። ስለዚህ ልቡን ላለስልስ፣ የቀድሞውን ፍቅራችንን ላስታውሰው ብዬ ተቀመጥኩና ጻፍኩ።

የቀልድ ክስ ከእውነተኛው ይከብዳል፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ! ሰውየው የሌለበትን ጥፋት ትለጥፍበታለህ፤ ቤተኛው ሁሉ እንደሌለበት ስለሚያውቅ ስድቡ ምስጋና ይሆናል። ያለበትን ደግሞ ትንሿን መርጠህ ታገዝፋታለህ። የሚያመውን ቦታ አትነካም። ከነካህ ሳቁ ይቆማል፣ ድግሱም ይበላሻል። ከሁሉ በላይ ፊትህን ማኮሳተር አለብህ፤ ራስህ ከሳቅህ ማን ይስቅልሃል?

እንዲህ ነበር ያልኩት፦ «ተከሳሽ እጅግ ንፉግ በመሆኑ፣ ደጁ የደረሰውን ሁሉ ሳያበላ አልለቅም እያለ፣ የጎረቤት ልጆች ጠግበው እየገቡ የእናታቸውን እራት ንቀዋል። ተከሳሽ ቅስና ሳይኖረው መላጣውን ለመደበቅ ሻሽ እየጠመጠመ መንገደኛውን መስቀል አሳልሙን አሰኝቷል። ተከሳሽ ማኅሌት ቆመን ዜማ ሲስት፣ ዞር ብሎ እኔን በመገላመጥ የራሱን ስሕተት በእኔ ላይ አላኳል። አርብ ገበያ ስንወርድ ባደርንበት ቤት በማንኮራፋቱ አህዮች ገመድ በጥሰው ሄደዋል፤ ሲነጋ ፍለጋ የወጣሁት ግን እኔ ነኝ።» መጨረሻ ላይ ዳኝነት የምጠይቀውን አስቀመጥኩ፦ «ተከሳሽ ሌላ ጓደኛ እንዳይዝ ታግዶ፣ እስከ ዕድሜ ልኩ እኔኑ እንዲያስቸግር ይፈረድልኝ።» ይቺን ስጽፍ፣ እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ድግሱ ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የሚስቱ ወንድም ከጎኑ መደብ ላይ ተንሰራፍቶ ጠላውን ይጨልጣል። ልታረቅ ብዬ ነው የመጣሁት አልልም፤ ሳየው አንጀቴ ተቃጠለ። የኔታ በዳኝነት ተሰየሙ። በመጀመሪያ «ልደት የጌታ ነው፤ የጃንሆይም በትምህርት ቤት ይከበራል። አንተ ደግሞ ማን ነኝ ብለህ ነው?» ብለው ጓደኛዬን አሳፈሩትና ክሱ እንዲነበብ አዘዙ።

አነበብኩ። ስለ ሻሹ ስደርስ የኔታ በሳቅ መቋሚያቸውን ጣሉት። ጓደኛዬ ኩታውን አደግድጎ ቆሞ፣ እንደ ደንቡ ለእያንዳንዱ ይመልሳል። «ንፉግስ ነኝ፣ አምኛለሁ!» ይላል። ማንኮራፋቱን ግን ካደ። «አላደረግሁትም፤ አህዮቹ ይመስክሩ!» ሲል ቤቱ ተናጋ። እንዴት ያለ አፍ ነበረው እባካችሁ! ያን ጊዜ ወደድኩት። አይ፣ ይሄ ሰውዬማ አይከዳኝም አልኩ በሆዴ።

ንባቡ ሲያልቅ የኔታ «ከሳሽ፣ የቀረህ አቤቱታ አለ?» አሉኝ።

የለኝም ብል መዝገቡ ይዘጋል። የሚስቱ ወንድም ደግሞ መደቡ ላይ ሆኖ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ጓደኛዬ በፍቅር ተሞልቷል፣ የኔታ አሉ፣ አገሩ ሁሉ ይሰማል። ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?

«አለኝ፣ የኔታ» አልኩ። «ተከሳሽ የአባቴ ድንበር ሲተከል ቆሞ ነበር። አይቷል ወይስ አላየም? ይጠየቅልኝ።»

 ቀልዴን ያልጨረስኩ መስሏቸው ሁሉም ፊቴን አዩ። እኔ ኮስተር እንዳልኩ ነኝ፤ ከመነሻው እንደዚያው ነበርኩ። ጓደኛዬ የሚስቱን ወንድም ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ኩታውን እንደገና አደገደገና፣ «አህዮቹ ይመስክሩ» ያለበትን ያንኑ ድምፅ አወጣ፦

«አላየሁም! ድንጋዩ ይመስክር!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጨበጨቡ። የሚስቱ ወንድምማ በሳቅ ብዛት ጠላው ትን አለው። «ይሄን ደግሞ እንዴት አሳምረህ አመጣኸው!» አሉኝ፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ኧረ የምሬን ነው!» ብል ይብስ ሳቁ። የምን የምር? ቀኑን ሙሉ ሳስቃቸው ውዬ! የኔታ እንኳ እንባቸውን እየጠረጉ «ተከሳሽ በነጻ ተሰናብቷል» አሉ።

ደጅ ድረስ የሸኘኝ ጓደኛዬ ነው። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል። ወሬ ሳያበዛ «ሚስቴና ልጆቼ ናቸው፤ ከነሱ ጋር ነው የምኖረው» አለኝ።

«ከኔ ጋርስ አልነበረም የኖርከው?» አልኩት።

 ትከሻዬን ሊይዘኝ ሲል እጁን ገፋሁት። እግዜር ይይልህ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ በልደቱ ቀን ሰው አይረገምም ብዬ ዋጥኩት። ምነው በረገምኩት!

በየካቲት ደብረ ታቦር ወጣሁ። ከሩቅ አየሁት፤ ከሚስቱ ወንድም ጋር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ብጠራው ወንጌል ላይ እጁን ጭኖ፣ ዓይኔ እያየ፣ ያችኑ «አላየሁም» ብሎ በሐሰት ሊምል ነው። ያን ከማይ መሬቱ ይቅርብኝ አልኩ።

ዳኛው «ምስክር አለህ?» አሉኝ።

«የለኝም፣ ጌታዬ» አልኩ። «ከሱ በቀር ሰው አልነበረኝም።»