መልካም አመለካከት ያላት ዓለሚቱ

ፋንታዬ እባላለሁ፤ የማህደር ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የከተማዋን ስም አልጠራም፣ ከሆሳዕና ብዙ አትርቅም። መሥሪያ ቤታችን የውሃ መሥሪያ ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራተኛው ማህደር በእጄ ሲያልፍ ኖሯል፤ ማን መቼ ተቀጠረ፣ ማን መቼ ፈቃድ ወጣ፣ ስለ ማን ምን ተጻፈ፣ አውቃለሁ። ዝም የምለው ስለማላውቅ አይደለም። ቂም ደግሞ እይዛለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እኔ ሌላው ሲወጋም አልረሳም።

የምነግራችሁ ስለ ዓለሚቱ ነው። ሆመቾ የምትባል የሐድያ ከተማ ልጅ ናት። በቧንቧ ሥራ ተመርቃ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ስትቀጠር የጥገና ቡድኑ ወንዶች ሳቁባት። ዛሬ መስመር ሲፈነዳ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሷ ነው። ቆፍራ፣ የተበላሸውን ቆርጣ፣ አዲሱን ገጥማ፣ ቫልቩን ቀስ አድርጋ ከፍታ፣ ጭቃው እስኪጠራ ቆማ ታያለች። ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ስለ ሠራችው ነገር አንድ ቃል አይወጣትም። «ሙያ በልብ ነው፣ እትዬ ፋንታዬ» ትለኛለች።

በልብ ያለውን ግን ቅጽ አያየውም፤ ሲያስጠቃት የኖረው ይኸው ነው።

የቡድኑ መሪ አቤሴሎም ይባላል። ሰው ሁሉ «አቶ አቤሴሎም» ይለዋል፤ እኔ አልለውም፣ የዕድሜ እኩያዬ ነው፣ አባቶቻችንም አብረው ነው ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን ወደዚህ የመጡት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ጥርና ሐምሌ ላይ፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይሞላል። መሪ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው። አሥራ ሁለቱንም ጊዜ በዓለሚቱ ቅጽ ላይ የጻፈው አንድ ነው፤ «መልካም አመለካከት ያላት፣ ታዛዥና ታታሪ ሠራተኛ ናት።» አሥራ ሁለቱንም ጊዜ ፈርማለች። ምን ብላ ትቃወም? ሙገሳ ነው እኮ።

ባለፈው የካቲት የጥገና ፎርማንነት ቦታ ክፍት ሆነ። ዓለሚቱና ቲቶ ተወዳደሩ። ቲቶ ከዚያው ከሐድያ፣ የፎንቆ ልጅ ነው፤ ከተቀጠረ አራት ዓመቱ፣ የአቤሴሎም ሚስት የእህት ልጅ። የዕድገት ኮሚቴው የሁለቱንም የጥር ምዘና ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ። በዓለሚቱ ላይ «መልካም አመለካከት ያላት»። በቲቶ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «መስከረም 16 ቀን ከመናኸሪያው በታች የፈነዳውን ዋና መስመር በአምስት ሰዓት ውስጥ ጠግኖ፣ ለ340 ደንበኞች ውሃ በዚያው ቀን እንዲመለስ አድርጓል።»

ኮሚቴው ምን ያድርግ? ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ልክ አለው። ቦታው ለቲቶ ተሰጠ።

ዓለሚቱ በማግስቱ ወደ ክፍሌ መጥታ ማህደሯን ማየት ፈለገች። አሥራ ሁለቱን ቅጾች አንድ በአንድ ገለበጠች። «አልሰደቡኝም እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሁሉንም ጥሩ ነው የጻፉት።»

«ላም አለኝ በሰማይ ነው እሱ» አልኳት። «ወተቱን መቼ አየሽው?»

አለቀሰች። አሥራ አንድ ዓመት ስትቆፍር ያላለቀሰች ሴት እኔ ጠረጴዛ ላይ አለቀሰች። ያናደደኝ አቤሴሎም መጻፍ አለመቻሉ አልነበረም፤ አሳምሮ ይችላል። የቲቶን ዓረፍተ ነገር እዩት። ለሚወደው በልክና በማስረጃ፣ ለማይወደው በጣፋጭ ቃል። ሲሰርቅም በሙገሳ ሸፍኖ ነው።

መስረቁን ያወቅኩት እንባዋን ጠርጋ አንድ ነገር ስትናገር ነው። «የመናኸሪያውን መስመር የጠገንኩት እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የያሆዴ ሰሞን ነበር። ሆመቾ አባቴ ቤት ነበርኩ፣ በሬው ታርዶ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። አቶ አቤሴሎም ደወሉ። ሥጋውን ሳልቀምስ በሞተር መጣሁ።»

የአገሩን ነገር የማያውቅ ካለ ልንገረው። ያሆዴ የሐድያ የዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም አጋማሽ ላይ ከተማው ባዶ ይሆናል፣ ሁሉም ወደ አባቱ አገር ይገባል። ለአቤሴሎም ግን ያ ቀን እንደማንኛውም የሥራ ቀን ነው። ስልኩን አንስቶ ይደውላል፣ ማን ከየት እንደመጣ አያስተውልም። ተሳሳተ ከተባለ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ሰሞን ቲቶም አገሩ እንደገባ ዘነጋ። እኔ ተነስቼ የቲቶን ማህደር አወጣሁ። ከመስከረም 14 እስከ 19 የዓመት ፈቃድ፣ መድረሻ ፎንቆ። ከሥር የፈቀደው ፊርማ የአቤሴሎም ራሱ።

ከዚያ ወደ ጥገና ክፍሉ ሄጄ የመስከረም 16ን የሥራ ትዕዛዝ ወረቀት ፈልጌ አወጣሁ። የሠራው ባለሙያ በሚለው ቦታ ላይ የዓለሚቱ ፊርማ አለ፤ የጀመረችበት ሰዓት፣ የጨረሰችበት ሰዓት፣ ከመጋዘን ያወጣችው መገጣጠሚያ ጭምር። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ችግሩ፣ የጥር ወሩ ምዘና ተፈርሞበታል፤ ቅሬታ የሚቀርብበትም ቀን አልፏል። ዓለሚቱ ተስፋ ቆረጠች። እኔ አልቆረጥኩም። ሐምሌ ላይ ምዘና ይመጣል፤ በእኛ ቤት ደግሞ የቡድን መሪን የቡድኑ አባላትም ይመዝኑታል። የሐምሌው ምዘና የሚመለከተው ከጥር እስከ ሰኔ ያለውን ጊዜ ነው። አቤሴሎም ያንን ውሸት የጻፈው መቼ ነው? ጥር 9 ቀን። ስለዚህ በጊዜው ውስጥ ነው። አምስት ወር ጠበቅኩ። ሰው ቂም ይከብዳል ይላል፤ እኔን ቀለለኝ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አቤሴሎም ለመምሪያ ኃላፊነት መወዳደሩ ተሰማ። በየጠረጴዛው እየዞረ ቡድኑን ይለማመጥ ጀመር። «መልካም አመለካከት ያላቸው ብላችሁ ጻፉልኝ፣ ብዙ አትድከሙ» ይላል። ለእኔም ሰላምታው ረዘመ።

ዓለሚቱ የጻፈችውን አመጣችልኝ። «አቶ አቤሴሎም አድሏዊና ክፉ ሰው ናቸው» ይላል። ወረቀቱን መለስኩላት።

«ለምን? ውሸት ነው?» አለች፣ ተቆጥታ።

«እውነት ነው፤ ግን የእሱው ዓረፍተ ነገር ነው የተገለበጠው። እሱ መልካም አለሽ፣ አንቺ ክፉ አልሽው። የሚያነበው ሰው ምን ይይዛል? መቼ? የት? ምን አደረገ? ስንት? ምን መጣበት? በምን ወረቀት ይታያል? ይህን የማይመልስ ነገር እኔ ማህደር ውስጥ አይገባም።»

ሦስት ቀን ተመላለሰች። «ሠራተኛ አያዳምጡም» ብላ ስትመጣ፣ መቼ አላዳመጠሽም አልኳት፤ ቀን ስታጣለት ሰረዘችው። «ሁልጊዜ» የሚለውንም ሰረዝኩባት። ትቆጣለች፣ ተመልሳ ትጽፋለች። አንድ ነገር ደግሞ በግድ አስጨመርኳት። ግንቦት 3 ዋናው መስመር ሲሰበር አቤሴሎም ለማዘጋጃ ቤቱ ደውሎ የመቆፈሪያ ኤክስካቫተር በሁለት ሰዓት ውስጥ አስመጥቶ ነበር። «እሱንም ጻፊው» አልኳት።

«ልርዳቸው እንዴ?»

«እውነት ነው አይደል? እውነቱን ሁሉ የጻፈ ሰው ነው የሚታመነው። ደግሞ ጥፋቱን ከዚያ ስታስከትዪው አጥብቆ ይይዛል።»

በመጨረሻ ሦስት ነገር ቀረ። አንደኛው ኤክስካቫተሩ ነው። ሁለተኛው፦ «ጥር 9 ቀን በሞሉት ምዘና፣ ከዘጠኙ የቡድን አባላት ለስምንቱ ቃል በቃል አንድ ዓይነት አስተያየት ጽፈዋል፤ ቅጾቹ በማህደር ክፍል አሉ።» ሦስተኛው፦ «በዚያው ቀን መስከረም 16 የተሠራውን ጥገና ለቲቶ መዝግበዋል፤ ቲቶ በዕለቱ ራሳቸው በፈቀዱት የዓመት ፈቃድ ፎንቆ ነበር፤ የሥራ ትዕዛዙ የተፈረመው በዓለሚቱ ነው፤ በዚህ ምዘና መሠረት የፎርማንነቱ ቦታ ለቲቶ ተሰጥቷል።» ክፉ የሚል ቃል የለበትም። ከሥሩ የሁለቱን ወረቀቶች ግልባጭ አያይዛ ፈረመች።

ሐምሌ ላይ ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለ ማርያም ቡድኑን ሰብስበው ምዘናዎቹን አነበቡ። ስምንቱ «መልካም አመለካከት ያላቸው» ይላሉ። አቤሴሎም እግሩን አነባብሮ ይሰማል። የዓለሚቱ ላይ ሲደርሱ ኤክስካቫተሩን ሰምቶ ፈገግ አለ። ሁለተኛው ላይ እግሩን አወረደ። ሦስተኛውን አቶ ኃይለ ማርያም ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ግልባጮቹን በመነጽራቸው ሥር ያዙ።

«ቲቶ፣ መስከረም 16 የት ነበርክ?» አሉ።

ቲቶ አንገቱን ደፋ። «ፎንቆ ነበርኩ። እኔ ይህ መጻፉን ያወቅኩት ቦታው ከተሰጠኝ በኋላ ነው። ያኔም ዝም አልኩ፣ እሱ ጥፋቴ ነው» አለ።

አቤሴሎም «የመዘንጋት ስህተት ነው» ማለት ጀመረ። ማንም አላገዘውም። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «የመዘንጋት ስህተት ነው አሉ» ብዬ ቃል በቃል ጻፍኩት።

ውድድሩ ተሰረዘ፣ እንደገና ተካሄደ፤ ዓለሚቱ ፎርማን ሆነች። አቤሴሎም ከኃላፊነቱ ውድድር ወጣ፤ ከቡድን መሪነቱም ተነሳ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅም ይበቃኝ ነበር። አላለቀም።

መስከረም ላይ ሆሳዕና ውስጥ ሌላ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ፈለገ፤ አቤሴሎም ተወዳደረ። የሥራ ልምዱን ከእኔ ወሰደ። ከዚያ ደግሞ አብሮት ከሠራ ፎርማን የምስክርነት ጽሑፍ እንዲያመጣ ተጠየቀ። ፎርማኑ ማን ነው? ወደ ዓለሚቱ መጣ። እኔ በር ላይ ነበርኩ።

«እህቴ ዓለሚቱ» አለ፤ እህቴ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «እባክሽ በዝርዝር ጻፊልኝ። እነሱ ማስረጃ ነው የሚፈልጉት። የኤክስካቫተሩን ነገር፣ ቀኑን ጨምረሽ።»

«እሺ፣ ነገ ይውሰዱ» አለችው፤ እንደ ወትሮው በአክብሮት።

በማግስቱ ወረቀቱን ለማኅተም አመጣችልኝ። አንድ መስመር ነው። «አቶ አቤሴሎም መልካም አመለካከት ያላቸው፣ ታዛዥና ታታሪ ሠራተኛ ናቸው።»

«ኤክስካቫተሩስ?» አልኳት። ያስተማርኳት እኔ ነኝና ለይምሰል መጠየቅ ነበረብኝ።

«አልሰደብኳቸውም እኮ» አለች። «ጥሩ ነው የጻፍኩላቸው።»

ማኅተሙን ቀለም አስነክቼ መታሁበት። አቤሴሎም መጥቶ እዚያው ቆሞ አነበበው፤ አንድ መስመር ለማንበብ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ዓለሚቱን አየ። እሷ የሥራ ልብሷን ለብሳ ወደ መኪናው እየሄደች ነበር፤ ያሆዴ ዋዜማ ስለሆነ ወደ ሆመቾ ከመሄዷ በፊት የምታየው አንድ መስመር ነበራት።

«እዚህ ላይ ፈርም፣ መቀበልህን» አልኩት።

ፈረመ። ምን ብሎ ይቃወም? ሙገሳ ነው።