ሁለት ለአንድ ያለቀው የወንዛችን መሻገሪያ

ሳሊተ ምሕረት፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰፈራችንን ከአስፋልቱ የሚለይ ትንሽ ወንዝ አለ። በጋ ላይ ተራምደው የሚያልፉት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከላይ ካሉት ሰፈሮች ፍራሽ፣ የዛፍ ግንድና የፕላስቲክ ጠርሙስ ጭኖ ይመጣል። የእንጨት መሻገሪያውን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ መኪና ያለው በሩቅ ይዞራል፣ የሌለው ጫማውን አውልቆ ይገባል።

የሰፈሩ ኮሚቴ ሲወተውት ከርሞ በመጨረሻ ከወረዳው አንድ መልስ አገኘ፦ ድልድይንና ከልቨርትን፣ ማለትም ከመንገድ ሥር የሚሠራ የውሃ ማሳለፊያን፣ የሚያወዳድር የአዋጭነት ማጠቃለያ ይቅረብ። መሐንዲስ መሆኔን የማያውቅ ጎረቤት ስለሌለ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አየር ማረፊያ፣ ካርጎ ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ገና ሜትር ይዤ ወንዙ ዳር ስቆም መጡ።

«ልጄ፣ ድልድይ ብለሽ ጻፊና ጨርሺው።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ልለካ እንጂ።»

«ምኑ ይለካል? ታች ሰፈር ያሉት ድልድይ ተሠርቶላቸው የለም እንዴ!»

ለካሁ። ጎርፉ አጥሮች ላይ የተወውን የጭቃ ምልክት አየሁ፣ ዳሩን አስቆፍሬ ሸክም የማይችለው ዋልካ አፈር የት ድረስ እንደሚወርድ አጣራሁ። ከዚያ ያየሁትን ጻፍኩ። ሁለት አፍ ያለው የኮንክሪት ከልቨርት ዋጋው ይቀንሳል። መሠረቱ ጥልቅ አይደለም፣ ኮንክሪቱ የሚሞላበት ካሳፎርማ ቀላል ነው፣ ውሃውን ወደ ጎን መልሶ ከክረምት በፊት መጨረስ ይቻላል። ድልድዩ ከዋልካው በታች ጠንካራ መሬት እስኪገኝ መቆፈር፣ በሁለቱም ዳር ወፍራም ግንብ ማቆም፣ ወንዙ ውስጥ ድጋፍ ተክሎ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር መጠበቅ ይፈልጋል። ዘላቂነት ላይ ግን፦ ሁለቱም በደንብ ከተሠሩ ዕድሜ አላቸው፤ ይህ ወንዝ የሚያመጣው ቆሻሻ ግን ከልቨርቱን ሁለቱን አፎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ተይዞ ይዘጋዋል፣ ውሃው በላይ ሲያልፍ የመንገዱን ሙሌት ይበላዋል። ስለዚህ ድልድዩ ይሻላል። ገንዘብ ካነሰ ከልቨርቱም ይሆናል፣ ግን በየዓመቱ ከክረምት በፊት፣ ከትልቅ ጎርፍም በኋላ የሚጠርገው አካል ከአሁኑ ይመደብለት።

ሰብሳቢው አንብበው ፊታቸው ጠቆረ። «ከልቨርቱን ለምን አመሰገንሽ?»

«አላመሰገንኩም። ርካሽ ነው አልኩ፤ ርካሽ ስለሆነ።»

«አንቺ የማን ወገን ነሽ?»

ይህን ጥያቄ ሱቅ ዳር፣ ታክሲ ውስጥ፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ተጠየቅኩ። ወንዙ ወገን ያለው ይመስል።

የወረዳው ባለሙያ ደግሞ ሌላ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፣ ግን የጻፍኩትን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ኃላፊዎች ይህን ሁሉ አያነቡም፤ አሸናፊውን ብቻ ንገሪኝ» አለ። ከዚያ እኔው ፊት ሦስት መስመር ያለው ሠንጠረዥ ሠራ። ዋጋ፣ ከልቨርት። ለግንባታ መቅለል፣ ከልቨርት። ዘላቂነት፣ ድልድይ።

«በቃ፣ ሁለት ለአንድ።»

«ኳስ ጨዋታ ነው እንዴ?» አልኩ። «ሦስቱ እኩል አይመዝኑም! ግንባታው የሚቀለው ለአንድ በጋ ነው፤ ጎርፉ ግን በየዓመቱ ነው።»

«የመጥረጉን ነገር ከግርጌ እጨምረዋለሁ» አለኝ። ጨመረው። ማን እንደሚጠርግ ግን አልተጻፈም።

ከልቨርቱ ተሠራ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ጥሩ ነበር፣ በጊዜውም አለቀ። ሰብሳቢው ሳይቀሩ መኪናቸውን ይዘው ሁለቴ ተመላለሱበት።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት ስልኬ አላርፍ አለ። ሄድኩ። ፍራሽ መሃለኛው ግድግዳ ላይ ተጠምጥሟል፣ ግንዱ በፍራሹ ተይዟል፣ ጠርሙሱ ክፍተቱን ሞልቶታል፤ ውሃው መንገዱን ተሻግሮ የአንዱን ዳር አፈር ገምሶታል። ሰፈርተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ኢንጂነር፣ ከልቨርት ይሻላል ብለሽ ጉድ ሠራሽን!» አለኝ አንዱ ጎረቤት።

የመለሱልኝ ሰብሳቢው ናቸው። «እሷ አላለችም! እኔ አንብቤዋለሁ» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ እኔ ዞረው፣ «ግን ጠንከር አድርገሽ መጻፍ ነበረብሽ» አሉ።

ባለሙያው ውሃው ጎደል ካለ በኋላ ኤክስካቫተር ይዞ መጣ። ሱሪውን ሰብስቦ ገባና ግንዱ ላይ ገመድ አሰረ፤ ለዚህ አከበርኩት። አፉ ሲከፈት ውሃው እያጓራ ወረደ።

አሁን በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ ወረዳው ማሽን ይልካል፣ ኮሚቴው ሰው ያወጣል፣ የተገመሰው ዳርም በድንጋይ ተገንብቷል። ለዚህ ስምምነት ስድስት ስብሰባ ተቀምጫለሁ። በስድስቱም ስብሰባ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ፣ «ለመሆኑ ድልድይ ለምን አልተሠራም?» ብሎ ጠይቋል።