ሪፖርቴን ለማየት ደብዳቤ ያስፈልጋል

እንጦጦ ላይ የምሠራበት ፕሮጀክት ሲዘጋ በእጄ የቀረው አንድ ጥሩ ሪፖርት ነበር። ባሕር ዛፉ ተነሥቶ ጽድና ወይራ በተተከለበት ተዳፋት ላይ ምንጮቹ እንዴት እንደከረሙ የሚናገር ነው። ዳገቱን እየተንፏቀቅኩ፣ ከገበሬዎቹ ጋር እየተከራከርኩ የጻፍኩት። አንድ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ቢያነበው ሥራ እንደማላጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ነገር ግን ማን ከፍቶ ያነባል?

አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚተያዩበትን ድረ ገጽ ከፈተችና ገጼን አይታ አዘነችልኝ። ስለ ራሴ ከጻፍኩት ሥር «ፊቸርድ» የሚባል ክፍል አለ፤ ሰው እንዲያይልሽ የምትፈልጊውን ሊንክ፣ ሰነድ ወይም ፎቶ መርጠሽ የምታስቀምጪበት ነው። የኔ ባዶ ነበር። ሪፖርቱን መጀመሪያ አድርጊ፣ ካርታዎቹ ያሉበትን ሊንክ አስከትዪ፣ ከዚያ በላይ አታብዢ አለችኝ። የሚጎበኝሽ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ነው፤ የቀሩትን ለማየት ወደ ጎን መግፋት አለበት፤ እሱን ደግሞ ማንም አይገፋም። ሰርተፍኬት የራሱ ክፍል አለው፣ እዚያ ይግባ። እሺ ብዬ ወደ የካ ሚካኤል፣ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ስህተቴ ይህን ሥራ ሳሎን ተቀምጬ መጀመሬ ነው።

ሳሎናችንን ላላየ ሰው መንገር አለብኝ። አባቴ ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የጨረሰው። ግድግዳችን ላይ ከመዋዕለ ሕፃናት ምረቃዬ ጀምሮ ያገኘሁት ወረቀት ሁሉ በመስታወት ተሰቅሏል፤ ደም የለገስኩበት ሳይቀር። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ከመቅረቡ በፊት ግድግዳው ይጎበኛል። ፊቸርድ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ በቀላሉ ልግለጽለት ብዬ፣ «እንደ ግድግዳችን ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያየው» አልኩት።

ወንበሩን አስጠጋ። ከዚያ በኋላ ገጹ የኔ መሆኑ ቀረ። መጀመሪያ ዲግሪው፣ ቀጥሎ ሥልጠናዎቹ በየማዕረጋቸው፣ ቀጥሎ የተሳትፎ ወረቀቶቹ እያለ አሰለፈኝ። ሪፖርቱን አገላብጦ አይቶ ማኅተም የለውም አለና ወደ መጨረሻ ሰደደው። ለመጨቃጨቅ ሞከርኩ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ይቀበላል ብሎ አፌን አስያዘኝ። በመጨረሻ የራሱን የጡረታ ምስጋና ወረቀት ፎቶ አምጥቶ አንድ ጥግ ላይ ብትገባ ምን ይላታል ሲለኝ፣ እኔም ደክሞኝ አስገባኋት። ሥራ ፈላጊዋ እኔ፣ የተመሰገነው አባቴ።

ጓደኛዬ ያንን ስታይ ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች። በበነጋታው ሁሉንም አነሣሁ። ሰርተፍኬቶቹን፣ ለሥራው የሚጠቅሙትን ብቻ፣ ወደ ክፍላቸው ወሰድኳቸው። ሪፖርቱን ፊት አደረግኩት፤ «ፋይናል የመጨረሻ ሁለት» የሚለውን የፋይል ስም አጥፍቼ የሚገባ ርዕስ ሰጠሁት፤ ከሥሩም ምን እንደለካሁና ምን እንዳገኘሁ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ። የምንጩን ፎቶ ሽፋን አደረግኩለት፤ የካርታዎቹን ሊንክም አስከተልኩ። አምሮ ነበር፣ እውነቴን ነው። አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። የኔ የኢሜይል ማከማቻ ሞልቶ ስለነበር ፋይሉን የሰቀልኩት በአባቴ ኢሜይል ነው፣ ያስቀመጥኩትም የሱን ሊንክ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሱ ኢሜይል ስለሚከፈት እኔ በጫንኩት ቁጥር ሪፖርቱ ወለል ብሎ ይከፈትልኛል። ለሌላው ሰው ግን ተቆልፎ ነበር፤ ፈቃድ ጠይቁ ይላል፤ ጥያቄው የሚሄደው ደግሞ ለፋይሉ ባለቤት ነው።

ጉርድ ሾላ ያለ አንድ የአካባቢ ጥናት ቢሮ ሰው እንደሚፈልግ ሰምቼ አመለከትኩ። ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩትን የሚመርጡት ሥራቸውን አይተው እንደሆነ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ነገር ስጠብቅ ነበር። ስልኬን ታቅፌ ሰነበትኩ። ዝም።

አባቴ በዚያ ሰሞን ደስ ብሎት ነበር። ቁርሱን በልቶ መነጽሩን አድርጎ ከኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፤ ምን እየሠራህ ነው ስለው የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው ይለኛል። የጡረተኛ መሥሪያ ቤት የት እንዳለ አልጠየቅኩትም። የራሴ ሐሳብ ይበቃኝ ነበር።

ምርጫው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ስልኬ ጠራ። ከጉርድ ሾላው ቢሮ ነው፤ ሰውዬው ትሕትናው ሌላ ነው።

«እህቴ፣ ደብዳቤውን በማኅተም አድርገን ልከን ነበር» አለኝ። «ኃላፊው ግን አባሪ ጎድሏል ብለው መልሰውብናል። እባክሽ አነጋግሪልን፣ ሪፖርቱን ሳናይ ስምሽን ማስገባት አልቻልንም።»

የትኛው ኃላፊ እንደሆነ ጠየቅኩት። የሰነድ ክፍሉ፣ አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሳሎን ዞር አልኩ። ኃላፊው ሻይ እየጠጣ ነበር።

በአባቴ ኢሜይል የተጻጻፉትን ሁሉ ከፍቼ አነበብኩት። ቢሮው ፈቃድ ሲጠይቅ አባቴ፣ «ጉዳዩ፦ ሰነድ ለማየት ስለመጠየቅ» ብሎ ጀምሮ፣ ሰነዱ ለምን ዓላማ እንደሚውል ተገልጾ በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ተደግፎ እንዲቀርብ ጽፎላቸዋል። የሚገርመው የሱ መጻፍ አይደለም፤ እነሱ ማቅረባቸው ነው። የወጪ ቁጥር ያለው፣ የተፈረመበት ደብዳቤ ስካን አድርገው ልከዋል። አባቴ በማግስቱ፣ በደብዳቤው ላይ የተጠቀሰው አባሪ አብሮ እንዳልመጣ ጠቅሶ መልሶታል። ከያንዳንዱ መልስ ሥር «ግልባጭ፦ ለልጄ» የሚል አለ። ከሥር ጻፈው እንጂ አድራሻዬን የትም አላስገባም፤ ግልባጩ በራሱ እግር ወደኔ እንደሚመጣ አምኖ ነው።

ጮህኩበት። ሥራዬን፣ እንጀራዬን ዘጋህብኝ አልኩት። ግራ ተጋባ። ሰውዬው አባሪውን እንደሚያመጣ፣ ነገሩ ሊያልቅ እንደደረሰ ያስረዳኝ ጀመር። እኔ እዚያው ቆሜ የፋይሉን ቅንብር ከፈትኩና ሊንኩ ያለው ሰው ሁሉ እንዲያየው አደረግኩ። ከዚያ ከኮምፒውተሩ ኢሜይል ወጥቼ፣ እንደማንኛውም እንግዳ ሆኜ ሊንኩን ሞከርኩት። ተከፈተ። ለጉርድ ሾላው ሰውዬ ደወልኩለት፤ እሱም እያየሁት ነው አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበር።

ጠሩኝ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ራሴ ምንም አልጠየቁኝም፤ ያወራነው ስለ ምንጮቹ ነው፤ ከጠያቂዎቹ አንዷ ካርታዎቹን ከሪፖርቱ ቀጥሎ ካለው ሊንክ አግኝታ አትማቸው መጥታለች። በሳምንቱ ሥራው ያንቺ ነው አሉኝ።

ከመገናኛ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስስቅ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ቤት ስገባ አባቴ ከኮምፒውተሩ ፊት ነው፤ ነገርኩት፤ ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝና ተመልሶ ተቀመጠ። የገቢ መልእክት ሳጥኑን ከፍቶ ያያል።

«ሰውዬው አባሪውን ሳይልክ ቀረ» አለኝ።

«አባዬ፣ አሁን እኮ ክፍት ነው። ማንም ሳይጠይቅ ያየዋል።»

«ማንም ሳይጠይቅ?»

«ማንም።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፋይል የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነበር» አለ።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።