ትርፊትና ሙዝ ያፈራው እንሰት

ትርፊት ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ አሥራ አራት ዓመት ቡላና ቆጮ ሸጣለች። መንገዱ ሲሰፋ ሱቋ ፈረሰ፤ እሷም የናስረዲን ሕንፃ ኋላ፣ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራየች። ክፍሏ ጥሩ ናት። ብርሃን አላት፣ ውኃ አላት፣ በሯም በደንብ ይዘጋል። የጎደላት ሰው ብቻ ነው።

እኔ አጵሎስ እባላለሁ። ከሕንፃው ፊት ለፊት ባነር፣ የሠርግ ካርድና ማኅተም እሠራለሁ። ትዕግሥት የለኝም፤ ይህን ሚስቴም ደንበኞቼም ያውቃሉ። ይህን ታሪክ የምጽፈው ግን ለአሥራ ሰባት ቀን ታግሼ ስለነበር ነው፤ ማስረጃው እንዳይጠፋ።

ናስረዲን በሕንፃው በር ላይ አንድ ፖስተር እንድትሰቅል ፈቀደላት፤ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል። የሐዲያ አዲስ ዓመት የሆነው ያሆዴና መስቀል ተቃርበው ነበር። ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ለበዓል የሚመጡት የዓመት ደንበኞቿ የሚያውቁት የፈረሰውን ሱቅ ነው። ስልካቸውን አልያዘችም፤ እነሱም የእሷን አልያዙም፤ ሱቁ እያለ ማን ስልክ ይፈልጋል? «አንድ በዓል ሌላ ቤት ከለመዱ አይመለሱም» አለችኝ። ይህን ስትል ድምፅዋ ልክ የዋጋ ለውጥ የምትናገር ሰው ድምፅ ነበር፤ ግን ዓይኗን አየሁት፤ ፈርታለች።

«ፎቶ እናንሳሽና ልሥራልሽ» አልኳት።

«የኔን ፊት ማን ያያል! ሊዲያ ስልኬ ላይ ኤአይ ጫነችልኝ። የፈለግሽውን ጻፊለት፣ ይሥልልሻል ብላኛለች።»

ሊዲያ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪና የትርፊት ደንበኛ ናት። ጫነችላትና ለእረፍት ዱራሜ ሄደች። ጣጣው ለእኔ ተረፈ።

በመጀመሪያው ቀን ትርፊት «የትርፊት ቡላና ቆጮ መሸጫ፣ የሚያምር ፖስተር» ብላ ጻፈች። የመጣላት ሥዕል በረዶ አገር ያለ የሚመስል ዳቦ ቤት ነበር። ከዳቦዎቹ በላይ በወርቅ ቀለም ጽሑፍ አለ። ከሩቅ ሲያዩት አማርኛ ነው። ከቅርብ ሲያዩት «ሸ» የሚመስል ነገር ሁለት እግር ጨምሯል፣ «ቡ» የሚመስለው ደግሞ ጅራት አውጥቷል። ትርፊት መነጽሯን ጠርጋ ደጋግማ አየችው።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ፊደሉንም እንደ ዳቦው ነው የሣለው። ጽሑፉን ለኔ ተዪልኝ፣ ኮምፒውተር ላይ እጽፈዋለሁ። እሱ ሥዕሉን ብቻ ይሥራ፤ ከላይ ባዶ ቦታ እንዲተው ንገሪው።»

በነጋታው ጽሑፉን ትታ፣ ከላይ ባዶ ሰማይ አስደርጋ፣ ከጀርባ እንሰት እንዲሆን ጠየቀች። ሰማዩ ሰማይ ሆነ። እንሰቱ ግን ሙዝ አፍርቷል። አንድ ሁለት አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ግንድ ላይ የበሰለ ሙዝ በዘለላ ተንጠልጥሏል። ሐዲያ ምድር ላይ እንሰት ሙዝ አፈራ ብሎ በር ላይ የሚሰቅል ሰው ቡላው ከምን እንደተሠራም አይታመንም። ትርፊት ተናደደችና «ሙዝ እንዳይኖር፣ ሙዝ የሌለበት፣ ምንም ሙዝ» ብላ ጻፈች። ሙዙ በዛ። አንዱ ዘለላ እንዲያውም ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«ይሰድበኛል» አለች።

«አይሰድብሽም። ሙዝ የሚል ቃል ሦስት ጊዜ ሰጠሽው፣ ሦስቱንም ተቀበለ። የማትፈልጊውን አትጥሪበት። የምትፈልጊውን እንሰት አይቶ እንደማያውቅ ሰው አድርገሽ አስረጂው።»

በዚህ ላይ ማሽኑ በነጻ የሚሠራው በቀን ጥቂት ሥዕል ነው፤ ከዚያ በኋላ ነገ ተመለሺ ይላታል። ትርፊት ቀሪውን ቀን ደንበኛ የሌለበት ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ እንሰትን በቃል ስትገልጽ ዋለች። በማግስቱ ይዛ የመጣችውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ግንዱ ከታች የወፈረ፣ እቅፍ የማይበቃው፤ ቅጠሉ ከመሬት አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይ የቆመ፣ ሰፊ፣ የመሐል አከርካሪው ቀላ ያለ፤ በጓሮ በተርታ የተተከለ» ይላል። የምታውቀውን ነገር እንዲህ ጽፋ የማታውቅ ሴት ናት። ማሽኑ እንሰት ሣለ። ልክ የኛ እንሰት ነው አልልም፤ ጃጁራ ባለው የአክስቴ ጓሮ ውስጥ ቢቆም ግን ማንም አይነቅለውም።

ቡላው ቀረ። ትርፊት «ነጭ ዱቄት በአረንጓዴ ቅጠል የተጠቀለለ» አለችው። በመጣው ሥዕል፣ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ የቅጠል ጥቅሎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ተፈቷል፤ ውስጡ ነጭ ዱቄት ነው።

«ይህን በር ላይ ብትሰቅዪ መጀመሪያ የሚመጣልሽ ደንበኛ ፖሊስ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። ወደ ክፍሏ ወጥታ ቡላ ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ፣ የሰው የሠርግ ካርድ አጠገብ፣ አስቀመጠችው። ዙሪያውን ዞረች። ከዚያ ጻፈች፦ «እርጥብ፣ ነጭ፣ እንደ አይብ የተጨመቀ ትልቅ ድብልብል፤ ሰፊ ቅጠል ላይ የተቀመጠ፤ አንዲት የሐዲያ ሴት በሁለት እጇ የያዘችው፤ ጠዋት፣ የፀሐይ ብርሃን ከጎን።» ብርሃኑን ከእኔ ነው የሰማችው።

ያ ሥዕል ሲመጣ ሁለታችንም ተነሥተን ቆምን። እንሰቱ አለ፣ ቡላው ቡላ ነው፣ ሴትዮዋም የምታምር ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት፤ ጥርሷ ሁሉ አለ። ትርፊት በቴሌግራም ላከችልኝ፤ እኔ በልኩ ስዘረጋው የልጅቷ ፊት ተበታተነ። እንደ ፎቶ ስለላከችው ቴሌግራም አሳንሶታል። እንደ ፋይል አስልኬ እንደገና ሞከርኩ፤ ጥራቱም ለአንድ ሜትር በቂ ሆነ። «ትርፊት ቡላና ቆጮ፣ ከኋላ፣ ፎቅ ላይ» ብዬ ጽፌ አተምኩ። በዓሉ ሰባት ቀን ሲቀረው ሰቀልነው። እውነቱን ለመናገር ኩራት ተሰማኝ። ከሠራኋቸው ፖስተሮች ሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር።

ሰው ቆሞ ያየዋል፣ ያደንቃል፣ ያልፋል። ሁለት ሽማግሌዎች ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች ተከራከሩ፤ አንዱ ከአንጋጫ ናት አለ፣ ሌላው አባቷን አውቀዋለሁ አለ። ፎቅ ላይ ግን ማንም አልወጣም። በአራት ቀን ውስጥ የወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ልጅቷን ፈልጎ ነው።

በአምስተኛው ቀን ትርፊት የእኔ ሱቅ በር ላይ ቆማ ሳለ አንዲት ሴት ከመንገዱ ማዶ ጮኸች። እትዬ ሂሩት ናት፤ ሆመቾ ተወልዳ አዲስ አበባ የምትኖር፣ ለመስቀል ስትመጣ ሁልጊዜ ከትርፊት ለልጆቿ ቡላ የምትወስድ። መንገዱን ሳታይ ተሻገረች። ትርፊትን በሁለት እጇ ትከሻዋን ያዘች፤ ፊቷን ነካች።

«አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ እትዬ?»

«ሞተሻል ብዬ እኮ አልቅሻለሁ! ሱቁ ፈርሷል፤ ስምሽ ተጽፏል፤ ስምሽ ሥር ያለችው ሌላ ሴት ናት። ልጅሽ መስላኝ ነበር፣ ግን ልጅ የላትም፣ ሞታ ሌላ ሰው ስሟን ወርሷል አልኩ። ሰው ለመጠየቅ አቅም አጣሁ።»

«ታዲያ ቡላውስ?» አለች ትርፊት።

እትዬ ሂሩት እጇን ወደ ኋላ መለሰች። እጇ ላይ ያለው ፌስታል ከባድ ነበር። «ከዚያኛው ቤት ገዛሁ» አለች ቀስ ብላ። «እያለቀስኩ ነው የገዛሁት።»

በኛ አገር ቡላ ገዢ ከቡላው በፊት ሴትዮዋን ነው የሚያየው። ማን ፋቀው፣ ማን ጨመቀው፣ የማን እጅ ነው ብሎ ይጠይቃል። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እናቴም በዚህ ነው ያሳደገችኝ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስለ ሙዝና ስለ ፊደል ስጨቃጨቅ፣ በትርፊት ስም ሥር ማን እንደቆመች አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። አፈርኩ። ትርፊት ግን ወደ በሩ ሄዳ ፖስተሩን ራሷ አወረደችና ጠቅልላ አመጣችልኝ።

«አንሣኝ» አለች።

ቡላውን አስይዤ፣ ሱቄ በር ላይ፣ የጠዋት ብርሃን ከጎን እያገኛት አነሣኋት። ፎቶውን ለማሽኑ ሰጥታ ከጀርባዋ እንሰት እንዲያደርግ ጠየቀችው። አደረገ። ግን የግንባሯን መስመር አጥፍቶ፣ በጥርሷ መሐል ያለውን ክፍተት ደፍኖ፣ ጉንጯን አሳንሶ ነው። «ይቺ የእህቴ ልጅ ናት» አለች። «ፊቴን አትንካ» ብላ ጻፈች። አሁንም ሌላ ሴት መጣች፤ ትርፊትን የምትመስል፣ ትርፊት ያልሆነች። ለካ ፎቶው ላይ አይጨምርም፤ ሁሉንም እንደገና ነው የሚሥለው፤ ፊቷንም ጭምር።

ትርፊት ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው እኔን አያግኘኝ» አለች። «ጓሮውን ብቻ ይሥራ። ሰው የሌለበት።» ሰው የሌለበት የሚለውን ግን አልጻፈችም፤ ተምራለች። እንሰቱን፣ ብርሃኑን፣ ከላይ ባዶ ሰማይ፣ ከፊት ባዶ መሬት ብላ ጻፈች። በመጀመሪያው ሙከራ መጣ። እኔ ከፎቶዋ እሷን ብቻ ቆርጬ ባዶው መሬት ላይ አቆምኳት፤ አንዲት መስመር አልነካሁም። እንቅልፍ ያጣ ዓይኗ እንዳለ ነው። ስሟን ጽፌ አተምኩ። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ተሰቀለ።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት ቀሪ ሒሳብ ልጨርስ ክፍሏ ወጥቼ ነበር። ጋሽ ሰይፈሥላሴ፣ ጡረታ የወጡ አናጢ፣ ደረጃውን እያረፉ ወጡ። በሩ ላይ ቆሙና ትርፊትን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ታች ፖስተሩ ላይ ሳይሽ ያረጀሽ መሰለኝ» አሏት።

«አርጅቻለሁ ጋሼ።»

«እንኳን አረጀሽ። አንቺ መሆንሽን አሁን ነው ያመንኩት። ሁለት ኪሎ አድርጊልኝ፤ ልጄ ከታች እየመጣች ነው፣ ለሷም ሁለት።»

ከታች ብዙ እግር ደረጃውን ሲወጣ ይሰማል። ትርፊት መጠቅለያ ቅጠል ልትቆርጥ ጀርባዋን ሰጠችን። አንድ ቅጠል ለመቁረጥ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም። ማናችንም ቶሎ በይ አላልናትም።