ሁለቱን ዓመት በሁለት ዓረፍተ ነገር

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ሁለት ዓመት አስታመምኳት። በዚህ አላፍርም፣ አፍሬም አላውቅም። ያሳፈረኝ ነገሩን ለሥራ ፍለጋ ስንጽፈው ያስመሰልነው ነገር ነው።

ከዚያ በፊት እዚሁ ነገሌ ውስጥ በአንድ የረድኤት ድርጅት መጋዘን የንብረት ጸሐፊ ነበርኩ። ስንዴና ዘይት ከመኪና ሲወርድ እቆጥራለሁ፣ ሲወጣ እቆጥራለሁ፣ በየክምሩ ላይ የሚንጠለጠለውን ካርድ እሞላለሁ። ሥራውን እወደው ነበር። ቁጭ ብዬ መዋል አይሆንልኝም፤ መጋዘን ደግሞ ቁጭ አያስብልም። አንድ ቀን እናቴ ከገበያ ስትመለስ ዝናብ የመታው ቀይ አፈር አዳለጣትና ወደቀች። ሐዋሳ ድረስ ወስደን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ እህቴ ወደራ በምትባል ሌላ ከተማ ታስተምራለች፣ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ መልቀቂያ አስገባሁ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ተቀበልኩ፣ ቤት ገባሁ።

እናቴ በምርኩዝ ጓሮ መውጣት ስትጀምርና እህቴ ተዛውራ ነገሌ ስትመጣ፣ ሥራ መፈለግ ጀመርኩ። ያኔ ነው አጎቴ ወረቀትና ብዕር ይዘው የመጡት።

አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከገንዘብ ቢሮ ጡረታ ወጥተዋል። በሰፈራችን ቦታ የተወሰደበት፣ ውኃ የተቆረጠበት፣ ጡረታው የዘገየበት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣና ያጽፋል። ሰው ሲያጽፍ ደግሞ መለመን አለበት ብለው ያምናሉ። የእኔን ማመልከቻ «በታላቅ ትሕትናና አክብሮት እለምናለሁ» ብለው ጀምረው ገጹን ሞሉት። እናቴ የወደቀችበትን ቦታ ጻፉ። ቀዶ ጥገናውን ጻፉ። ያለ ሥራ መቀመጤ እንዳሳዘነኝ ጻፉ። ከሥሩ የሆስፒታሉን የሪፈር ወረቀትና «እናቷ መታመማቸውን እናውቃለን» የሚል ማኅተም ያረፈበት የቀበሌ ደብዳቤ አባሪ ይሁን አሉ። መጨረሻ ላይ፣ ልክ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ «ግልባጭ፦» ብለው ቀበሌውንና የዞኑን ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ደረደሩ።

ይሄ ሁሉ ለምን ይሆናል ብዬ ስከራከር የነገሩኝ ግን ከንቱ አልነበረም። እዚህ አገር ሴት ልጅ ሁለት ዓመት ሥራ ፈታ ስትገኝ ሰው ዝም አይልም አሉኝ። ዐረብ አገር ሄዳ ነው፣ ከመጋዘኑ ጎድሎባት ተባራ ነው፣ ታስራ ነው ይባላል። ማኅተም ያለበት ወረቀት አፍ ይዘጋል። አርባ ዓመት ግድም ቢሮ የኖረ ሰው ነው የሚናገረው። ተሸነፍኩ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ ትተይባለች፣ ስካን ታደርጋለች፣ ኢሜይል ትልካለች፣ በሰው ጉዳይም ትገባለች። የአጎቴን ጽሑፍ አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና፣

«ይሄ የሥራ ማመልከቻ ነው ወይስ ይግባኝ?» አለችኝ።

«ጻፊው።»

«ግልባጩንስ በማን ኢሜይል ልላክ? ቀበሌያችን ኢሜይል አለው እንዴ?»

ከሥሩ ተጽፎ ይቀመጥ አልኳት። ቡሌ ሆራ ላለ አንድ ድርጅት ላክነው፤ የሚፈልጉት የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ወር አለፈ፣ አልጠሩኝም። ሰው አገኙ ብዬ ተውኩት።

ከዚያ አንድ ቀን ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ተቀምጬ ሳለ አንድ ጎልማሳ ወረቀት ሊያትም ገባ። ጓደኛዬ ከየት እንደመጣ ስትጠይቀው የዚያው የቡሌ ሆራው ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። እሷም አላስቻላትም፣ «ይቺ ልጅ እናንተ ዘንድ አመልክታ ነበር» አለችው። ሰውዬው ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ በአንዴ አዘነ።

«አንቺ ነሽ እናትሽ ዳሌያቸውን የተሰበሩት? አሁን እንዴት ሆኑ?»

ደኅና ናት አልኩት። አላህ ይመስገን አለ፤ ከልቡ ነው። ማመልከቻዎቹን ሲለዩ እሱም እንደነበረና ሁሉም በጣም እንዳዘኑ ነገረኝ። የመጋዘን ልምዴንስ አላያችሁትም ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«መጋዘን ሠርተሻል እንዴ?»

በቃ፣ እዚያ ላይ ገባኝ። ተጽፎ ነበር፤ ግን ከሆስፒታሉ፣ ከሐዘኑና ከልመናው ቀጥሎ፣ ከግልባጩ በላይ፣ አንድ መስመር ብቻ። ሰዎቹ ያነበቡት የታመመች እናት ነው። ለታመመች እናት ሰው ያዝናል እንጂ የመጋዘን ቁልፍ አይሰጥም።

ባጃጅ ውስጥ ስመለስ ብቻዬን እየተናደድኩ ነበር። ባለባጃጁ ምን ሆንሽ አለኝ። ምንም አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ እዚሁ ነገሌ የንብረት ጸሐፊ የሚፈልግ ማስታወቂያ ወጣ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በእንግሊዝኛ፣ አጭር ማመልከቻ ከሲቪና ከሥራ ልምድ ማስረጃ ጋር በኢሜይል ይላክ ይላል። ይሄ ሥራ የእኔ ነው አልኩ። በከተማዬ፣ በምችለው፣ እናቴ ባለችበት። ይሄ ካመለጠኝ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ክፍተቱም እየሰፋ ነው የሚሄደው።

ጓደኛዬ ቀላል መንገድ አለኝ አለች። ሲቪው ላይ የለቀቅሽበትን ዓመት ወደፊት ገፋ አድርጊው፣ ማን ያያል? የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ አብሮ ይላካል፤ የለቀቅኩበት ቀን ተጽፎበታል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሁሉ ያያል አልኳት። ሥራ ያቆምኩበት ክፍተት አያስባርረኝም፣ ውሸቱ ግን ያስባርረኛል። «እሺ አንቺ ብልጥ» አለችኝ።

ያን ቀን ማታ አጎቴ ማስታወቂያውን ሰምተው መጡ። የፊተኛውን ማመልከቻ አሻሽለውታል፤ ያልጠሩሽ በደንብ ስላልለመንን ነው ብለው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። እናቴ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ታዳምጣለች። ያ ወረቀት ምን እንደሚል ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም።

«በእናቴ ላይ በደረሰው ጉዳት ሳቢያ የሥራ ዘመኔ በመባከኑ፣ ይህ ጥፋቴ በይቅርታ ታልፎልኝ...»

«ጥፋቷ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

አጎቴ ቆም አሉ። «የአጻጻፍ ወግ ነው።»

«አይ፣ እርስዎ ጥፋቴ ብለዋል። እኔን ማስታመሟ ነው ጥፋቱ?»

አጎቴ ወረቀቱን አገላበጡት፣ ከጀርባው የተሻለ ነገር የተጻፈ ይመስል። እንዲህ ማለቴ አይደለም፣ እንዲያው አለቃ ፊት ሲቀርቡ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል አሉ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ሲከፋት ኦሮምኛዋ ይቀድማታል።

«ዱጋ» አለች። እውነት ማለቷ ነው። «ዱጋውን ጻፊና ዝም በይ።»

በማግስቱ ኮምፒውተር ቤት ተቀምጬ ራሴ ተየብኩት። መጀመሪያ የመጣልኝ አሁንም ረጅም ነበር፤ አጎቴን ሳማ ለካ እኔም እሳቸው ነኝ። «ለተፈጠረው ክፍተት ይቅርታ እየጠየቅኩ» አልኩና አጠፋሁት። «እንዳለመታደል ሆኖ» አልኩ፤ እናቴ በሕይወት አለች፣ ምን አለመታደል አለ? አጠፋሁት። ለማጥፋት የከበደችኝ «ያለፈውን ጊዜ በእጥፍ ሠርቼ እክሳለሁ» የምትለዋ ናት። ታምራለች። ግን የሚካስ ነገር የለብኝም፤ እሷም ጠፋች። የሆስፒታሉን ወረቀት አላያያዝኩም፣ የቀበሌውንም። የእናቴ አጥንት የማንም አባሪ አይደለም።

አጥፍቼ ስጨርስ ከላይ የማመለክትበትን ሥራ ጻፍኩ። ቀጥሎ መጋዘን ውስጥ ምን ምን እንደሠራሁ፣ ርክክብ፣ የካርድ ምዝገባ፣ የወር ቆጠራ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

«ካለፈው ሥራዬ በራሴ ፈቃድ ለቅቄ ያለፉትን ሁለት ዓመታት እናቴን አስታምሜያለሁ። አሁን ተሽሏታል፣ እኔም በሙሉ ጊዜ ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ።»

ወዲያው ወደ ሥራው ተመለስኩና ስለ ነገሌ አካባቢ ያለኝን ዕውቀት፣ አማርኛም ኦሮምኛም መናገሬን ጨመርኩ። ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩ። በቃ።

ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። «ደረቅ ነው» አለች። «እንዳንቺ።»

ላኪው አልኳት።

ጠሩኝ። ለቃለ መጠይቅ የተቀመጡት ሦስት ነበሩ፤ መሪያቸው ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ወረቀቴን ገልጠው፣ ሁለት ዓመት ሥራ ላይ አልነበርሽም አሉኝ።

«እናቴን አስታምም ነበር። አሁን ተሽሏታል፣ እኔም ለሥራ ዝግጁ ነኝ።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ናት የከበደችኝ። ምላሴ ሥር ዳሌው፣ ሐዋሳው፣ የቀይ አፈሩ ጭቃ፣ የአጎቴ ትሕትና በሙሉ ተሰልፎ «እኔን አውጪኝ» ይላል። እናቴ «ዝም በይ» ያለችው ለካ ለጽሑፉ ብቻ አልነበረም። ጥርሴን ነከስኩ።

አንደኛው ሰውዬ ጠየቀ። «እናትሽ እንደገና ቢያማቸውስ?»

ጥያቄው አልከፋኝም፤ መጋዘን የሚያስረክብ ሰው ሊጠይቀው ይገባል። እህቴ አሁን ነገሌ ናት፣ ተራ እንገባለን አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሴትዮዋ ገጹን ገለበጡና፣

«እሺ፣ ቀድሞ የገባ ዘይት አለ፣ ትናንት የገባም አለ። የትናንቱ የማብቂያ ጊዜ ግን ይቀርባል። የቱን ታወጪያለሽ?» አሉኝ።

«የትናንቱን። ቀድሞ የሚያበቃው ይቀድማል እንጂ ቀድሞ የገባው አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ። ከግድግዳ ስለሚርቅ ክምር፣ ስለ አይጥ፣ ካርዱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አልገጥም ስላለ ቆጠራ ስናወራ የቀረበልን ሻይ ቀዘቀዘ። ስለ ሁለቱ ዓመት ድጋሚ ያነሳ የለም።

ሥራውን አገኘሁ። የተደወለልኝ ቀን እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ምርኩዙን ተደግፋው ሳይሆን እንደ ዱላ ይዛው።

«ስለ እኔ ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«የጻፍኩትን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ደስ አላት። እንዲህ ፊቷ ሲበራ ያየኋት መጀመሪያ ያለ ሰው ድጋፍ የቆመች ቀን ነው።

አጎቴ ግን አልተረቱም። እንዲህ ባጭሩ ጽፈሽም የጠሩሽ ቢሮው ሰው ስለቸገረው ነው፣ ግልባጭ ቢኖረው ቀደም ብለው ይጠሩሽ ነበር አሉ። ቢሆንም የኢሜይሉን ቅጂ አሳትሜ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት፣ ምንም አላረሙም። ከዚያ ብዕራቸውን አወጡና ከሥሩ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው «ግልባጭ፦ ለእናቷ» ብለው ጽፈው ለእናቴ ሰጧት።