ግሩፓችን ዛሬ በሕይወት ላለ ልጅ አስለቀሰን

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴን ብርቄን «ልጅሽ ሞተ» ብዬ ያረዳኋት እኔ ነኝ። ልጇ ግን ዳንግላ ጋራዥ ውስጥ፣ መኪና ሥር ተኝቶ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ብርቄ ፊደል አልቆጠረችም። የቆሰበር ሰፈራችንን የቴሌግራም ግሩፕ የማነብላት እኔ ነኝ። እኔም የተማርኩት ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ያውም አማርኛውን ብቻ።

መልእክቱ «አንዱዓለም ብርሃኑ ዳንግላ ላይ አርፏል» ይላል። ከላዩ ያለችው የእንግሊዝኛ መስመር «ከሌላ ግሩፕ የመጣ» ማለት መሆኗን አላወቅሁም። የግሩፑ አድሚን ተብዬዋ እኔ! ሟቹ ስሙ ከነአባቱ ከብርቄ ልጅ ጋር የገጠመ ሌላ ሰው ኖሯል።

ለልጇ ብንደውል አያነሳም። ግሩፑንም በሌሊት ቀልዳችሁ ተማርሮ ድምፁን አጥፍቶታል። የራሱን መርዶ ያየው እናቱ ፊቷን ከነጨች በኋላ ነው።

እንግዲህ ስሙኝ። የሞት ወሬ ፎርዋርድ ከማድረጋችሁ በፊት ለቤተሰቡ ደውሉ። የማን ልጅ፣ የየት ሰፈር፣ መቼ እንደሞተ በራሳችሁ እጅ ጻፉ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ከሕመምና ከእሳት በቀር ምንም አይላክ። ቀልድ በቀን ይሁን፤ በሰው ስምና በሞት ግን በቀንም አይቀለድም። ይህን ያፈረሰ ከግሩፑ ይወጣል።

መጀመሪያ መውጣት ያለብኝስ እኔ ነበርኩ።

ከሰዓት ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ከዳንግላ የመጣውን ልጇን እጁን ጨብጣ ተቀምጣለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

«እህቴ፣ ከእንግዲህ ምንም እንዳታነቢልኝ» አለችኝ።

የሐሰት መርዶ ያረዳችሁ ካላችሁ፣ ከጎረቤታችሁ እንዴት ታረቃችሁ? ጻፉልኝ። በአማርኛ ብቻ ይሁን።