ያልታዘዘችው በግ

ስሙኝማ! ስልካችሁን አስቀምጡና ይቺን ስሙኝ። ቡሬ ውስጥ አንዲት በግ የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን አስቆማ ከረመች ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔም እስቅ ነበር፣ እዚያው ባልሠራ።

ከአስራ አንደኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። አፌ ነው ያስባረረኝ። በዚሁ አፌ ለምኜ ዩኒየኑ ገባሁና ኮምፒውተር ላይ ዕቃ መዝጋቢ ሆንኩ። ሶስት ወረቀት ይመጣልኛል። አንዱ እኛ ሻጩን «ይህን ያህል አምጣ» ያልንበት የግዢ ትዕዛዝ። ሁለተኛው መጋዘን ኃላፊው «ይህን ተረክቤያለሁ» ብለው የሚቆርጡት የመረከቢያ ደረሰኝ። ሶስተኛው ሻጩ «ይህን ሸጫለሁ፣ ክፈሉኝ» የሚልበት ኢንቮይስ። ሂሳብ ሹሟ ሶስቱን ጎን ለጎን ዘርግታ ዓይነቱን፣ ብዛቱን፣ ዋጋውን ታናብባለች። ከተናበቡ ትፈርማለች፣ እኔ አስገባለሁ፣ ዕቃው ለገበሬ ይወጣል። ካልተናበቡ ማንም ንክች አያደርገውም። ሕጉን አልጠላውም። እሱ ባይኖር ስንቱ ዕቃ ወረቀት ላይ ብቻ ደርሶ ይቀር ነበር።

ያን ክረምት ተምች በቆሎው ላይ ወርዶ ገበሬው አበደ። ዩኒየኑ በጀርባ የሚታዘል የኬሚካል መርጫ አዘዘ፣ ሰላሳ። መኪናው በዝናብ መጣ። ሾፌሩ ለእናቱ ዱርቤቴ የሚያደርሳት አንዲት ጥቁር በግ ፍኖተ ሰላም ገበያ ገዝቶ ካርቶኑ መሃል አስሯት ነበር። እሱ ምሳ ሊበላ ሲሄድ ወዛደሮቹ ካርቶኑን ሲያወርዱ እሷንም አወረዷት። ተመልሶ መጣ፣ ዝናቡ ሲጠነክር «አስረካቢ» የሚለው ላይ ሳያነብ ፈረመ፣ ቅጂውን ኪሱ ከቶ፣ በጊቱን ረስቶ በረረ።

መጋዘን ኃላፊያችን የቀድሞ የቆሎ ተማሪ ናቸው፣ የኔታ ነው የምንላቸው። አንድ ጊዜ በትርፍ የመጣ ካርቶን ሳይጽፉ ቀርተው ኦዲተር አስለቅሷቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከመኪና የወረደ ሁሉ ይጻፋል። ጻፉ፦ መርጫ፣ ሰላሳ። በግ፣ ሴት፣ ጥቁር፣ አንድ። ሁኔታዋ፦ ደህና፣ እርጥብ።

ሂሳብ ሹሟ ሶስቱን ዘረጋች። ትዕዛዙ ላይ ሰላሳ መርጫ። ኢንቮይሱ ላይ ሰላሳ መርጫ። ደረሰኙ ላይ ሰላሳ መርጫና በግ።

«የኔታ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«በግ ናት።»

«በግ መሆኗንማ አነበብኩ። ማን አዘዛት?»

«እሱን ያዘዘው ይወቅ። እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩ።»

«በሉ ደረሰኙ ይሰረዝና ሌላ ይቆረጥ። የተሰረዘው ከነቅጂዎቹ ጥራዙ ላይ ይቀመጣል። ሾፌሩ የወሰደውም መመለስ አለበት። መሰረዣው ላይ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማሉ።»

ሥራ አስኪያጁ የት ናቸው? ባሕር ዳር፣ ስብሰባ። የስብሰባው ርዕስ «ቀልጣፋ አገልግሎት»፤ እግዜር ያሳያችሁ። ውክልና ለማን ሰጡ? ለማንም።

ስልክ ተደወለ፣ ድምፁ ተከፍቶ ሁላችንም ሰማን።

«ለመሰረዝ አትቸኩሉ፣ ኦዲት ያስነሳል» አሉ። «ለበጊቱ የግዢ ትዕዛዝ ሥሩላትና ይናበብ።»

«ከመጣች በኋላ ትዕዛዝ አይሠራም፣ ጌታዬ» አለች ሂሳብ ሹሟ። «ኢንቮይስም የላት። ደግሞ ያለ ሶስት ፕሮፎርማ…»

«ሰብስቡዋ!» ብለው ዘጉት።

ማን ይላክ? እኔ። በጭቃ ተንቦጫርቄ ከብት ተራ ወረድኩ። አንዱን የበግ ነጋዴ «ፕሮፎርማ ስጠኝ» አልኩት።

«እሱ ዝርያ የለኝም» አለኝ። «የመንዝ አለኝ፣ የአካባቢው አለኝ።»

«ወረቀት ነው ያልኩህ! ዋጋ ጽፈህ፣ ማኅተም መትተህ።»

«ማኅተሙ የት ይመታል፣ ላቱ ላይ?»

ተራው በሙሉ ሳቀብኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ፤ ሂሳብ ሹሟም «ደግ አደረግህ፣ ብታመጣም አልፈርምም ነበር» አለችኝ። ታዲያ ለምን ላካችሁኝ?

ይሄ ሁሉ ሲሆን በር ላይ አንዲት እናት አሉ። ከቡሬ ዙሪያ ገጠር፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ማሳ ብቻ ያለቻቸው። ስማቸው ለመርጫ ተመዝግቧል። በጋሪ ይመጣሉ፣ መርጫዎቹን በመስኮት ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ሲመጡ በቆሎ ቅጠል ይዘው ነው፤ መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ቀዳዳ ነበረው፣ ኋላ ላይ ቀዳዳው ይበዛል ከቅጠሉ።

«እማ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ ወረቀቱ አልተናበበም» እላቸዋለሁ፣ እያፈርኩ።

«ምን ጎደለው?»

«አልጎደለም። በግ ተርፎበት ነው።»

በጊቱን አዩዋት። የኔታ ሳር አምጥተውላት፣ ከመርጫዎቹ አጠገብ ተኝታ ታመሰኳለች።

«እንግዲያስ እሷን አሸክሙኝ» አሉ። «አዝያት ልርጭ፣ በየትኛው በኩል እንደምትረጭ አሳየኝና።»

ወዛደሩ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አየሁና ወደ ውስጥ ገብቼ ጮኽኩ። «መርጫውን ልስጣቸው፣ ከደሞዜ ቁረጡ!» አልኩ።

«ያልተመዘገበ ዕቃ ልታወጣ?» አለች ሂሳብ ሹሟ። «ያን ጊዜ ሌባ አንተ ነህ።» እውነቷን ነው። ያናደደኝም እውነቷ ነው።

ሾፌሩ ሲመለስ እጁን እያሻሸ መጣ። «በጌን ስጡኝ፣ እናቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

ዘበኛው በር ላይ ተገተረ። «የመውጫ ወረቀት?»

«የኔ በግ እኮ ናት!»

«ፈርመህ አስረክበሃል» አሉ የኔታ፣ ደረሰኙን ዓይኑ ስር ደቅነው። «ይኸው ፊርማህ። ቆንጆ ፊርማ ነው ደግሞ።»

«እሺ አውጧትና ስጡኛ!»

«ወጪ የሚሠራው መዝገብ ላይ ከገባች ነው» አልኩት እኔ። «አልገባችማ።»

«ካልገባች እዚህ ምን ትሠራለች?»

ያን ጥያቄ በማግስቱ በጊቱ ራሷ መለሰችው። ጠዋት መጋዘኑን ስንከፍት ከመርጫዎቹ ካርቶን ጥግ አንድ ግልገል ቆሟል፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ግንባሩ ነጭ። የኔታ አማተቡ፣ እስክሪብቶ አወጡ።

«እንዳይጽፉ!» ብላ ሂሳብ ሹሟ ሮጠች።

«ቆጠራ ላይ ሁለት ነው እኮ፣ ልጄ። ደረሰኙ አንድ ይላል።»

«ከመኪና አልወረደም!»

«ከበጊቱ ወረደ» አሉ የኔታ። «እሷ ደግሞ ከመኪናው።»

ሥራ አስኪያጁ ጋ እኔ ነኝ የደወልኩ። ስለ በቆሎው ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ነበር መልሳቸው። አሁን ግን «ጌታዬ፣ ያልታዘዘ ንብረት መጋዘን ውስጥ እየተራባ ነው» አልኳቸው። «ኦዲተር ሰምቷል?» አሉ። ከሰዓት ቡሬ ነበሩ!

በጉን ጥበቃ እዚያው ቡሬ ያደረው ሾፌር ቅጂውን ከኪሱ አወጣ፣ «ተሰርዟል» ተባለበት፣ ከቀሩት ጋር ጥራዙ ላይ ተያያዘ። ሥራ አስኪያጁ ፈረሙ። የኔታ መርጫዎቹን እንደገና ቆጥረው፣ ያለ በግ፣ አዲስ ደረሰኝ ቆረጡ። ሶስቱ ተናበቡ። አስገባሁ። ሻይ የምትጠጡበትን ያህል እንኳ አልፈጀም። ሾፌሩ በጊቱን ከነግልገሏ ጋቢና ጭኖ በደስታ ሄደ።

የመጀመሪያውን መርጫ ለእናቲቱ ወጪ ሠርቼ፣ ተሸክሜ ጋሪው ድረስ አደረስኩላቸው።

«ግልገሉስ ደህና ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ እማ። ማሳውስ?»

«በወንዙ በኩል ያለው ይተርፍ ይሆናል» አሉ። ባዶ አገዳ ሆኖ የቀረውን በመንገዱ በኩል ያለውን አላነሱትም።

ሥራ አስኪያጁ አሁንም ባሕር ዳር ስብሰባ ሲኖር ማንንም ሳይወክሉ ነው የሚሄዱት። እስቲ ሥራ አስኪያጃችን ይመልሱልኝ፦ ለግልገሉ በዚያው ቀን መምጣት ከቻሉ፣ ለበቆሎው ያልመጡት እሱም ምን ሆኖ እንዲጠብቅዎ ፈልገው ነው?